ደብዳቤው ሳይመለስ ሲቀር፦ የባንክና የባለዕዳ ማረጋገጫ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጎንደር ውስጥ በአንድ አነስተኛ የኦዲት ቢሮ ነው የምሠራው። ደንበኛችን የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ነው፣ የሰኔ 30 ቀን 2016 ሂሳቡን እየመረመርን ነው። ለ12 ባለዕዳዎችና ለሦስት ባንኮች የማረጋገጫ ደብዳቤ ልከን ነበር። ከባለዕዳዎቹ የመለሱት አራቱ ብቻ ናቸው። ድርጅቱ የተበደረበት ባንክም እስካሁን ዝም ብሏል። የድርጅቱ ሂሳብ ሹም ‹ስጡኝ፣ እኔ ዞሬ አስፈርሜ አመጣላችኋለሁ› ይለኛል። የግብር ማሳወቂያው ደግሞ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ምን ባደርግ ይሻላል?»

እህቴ፣ ከሂሳብ ሹሙ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል። ሰውየው ክፋት ላይኖርበት ይችላል። ጎንደር ላይ ጉዳይ የሚያልቀው በእግር ተኪዶ፣ ሰላም ተባብሎ እንደሆነ ያውቃል። ግን ደብዳቤዎቹን አትስጪው። ዓለም አቀፍ የኦዲት ደረጃ 505 ዋና ሐሳቡ ይኸው ነው፦ ደብዳቤውን የሚልከው ኦዲተሩ ነው፣ መልሱም በቀጥታ ለኦዲተሩ ይመጣል። በመሀል የደንበኛው ሰው ከገባ የተፈረመው ወረቀት የውጭ ማስረጃ መሆኑ ይቀራል። ደንበኛው ራሱ ከሰጠሽ ማንኛውም ወረቀት አይሻልም።

ይህ ተራ ጥንቃቄ እንዳይመስልሽ። በአሜሪካ በ2012 የወደቀው ፔሬግሪን የተባለ የገንዘብ ድርጅት ባለቤቱ የባንክ ስቴትመንት ለዓመታት ሲፎርጅ ኖሯል። የባንክ ማረጋገጫ ጥያቄዎቹ የሚላኩበት አድራሻ የባንኩ መስሎ የቀረበ የፖስታ ሣጥን ነበር፣ የሣጥኑ ባለቤት ግን ራሱ ነው። ደብዳቤው ይደርሰዋል፣ መልሱን ራሱ ይሞላል፣ ለተቆጣጣሪው ይመልሳል። የታወቀበት ተቆጣጣሪው ማረጋገጫውን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ከባንኩ በቀጥታ ማግኘት በጀመረ ጊዜ ነው። የጠፋው ገንዘብ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ልብ በይ፣ ደብዳቤው እዚያ ሁልጊዜ «ተመልሷል»።

ስለዚህ ለሂሳብ ሹሙ ሌላ ሥራ ስጪው። ለባለዕዳዎቹ ስልክ ይደውል፣ «ኦዲተሮቻችን ደብዳቤ ልከዋል፣ እባካችሁ መልሱላቸው» ይበል። ከፈለገ አብሮሽ ይሂድና ያስተዋውቅሽ። ወረቀቱ ግን ከእጅሽ አይውጣ፣ መልሱንም አንቺው ተቀበዪ። ቀድሞ የመጡትን አራት መልሶች ደግሞ አሁኑኑ አውጥተሽ እያቸው። በምን መንገድ መጡ? አራቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ፖስታ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት ከመጡ ምልክት ነው። ማኅተሙ በደረሰኞቹ ላይ ካለው የዚያ ደንበኛ ማኅተም ጋር ይገጥማል? በኢሜይል የመጣ ካለ ከድርጅቱ አድራሻ ነው ወይስ ማንም ከሚከፍተው ጂሜይል? ከጥርጣሬ አንዱ ካለሽ ደውለሽ አረጋግጪ። ስልኩን ግን ከደንበኛሽ አትቀበዪ፣ በራስሽ መንገድ ፈልጊው።

አሁን ወደ ባንኩ። ባንክ ዝም ሲል ነገሩ ከባለዕዳ ዝምታ ይለያል። ባለዕዳ መልስ የመስጠት ልማድ ላይኖረው ይችላል፣ ባንክ ግን የመመለስ ሥርዓት አለው። ስለዚህ መልስ ያልመጣው አብዛኛውን ጊዜ በደብዳቤው ጉድለት ነው። በሂሳቡ ላይ የሚፈርሙት ሰዎች ፈቃዳቸውን በፊርማና በማኅተም ካልሰጡ ባንኩ የደንበኛ ሚስጥር ብሎ ያስቀምጠዋል። ሁለት ፈራሚ ያለበት ሂሳብ ላይ አንዱ ብቻ ፈርሞም ሊሆን ይችላል። ማኅተሙ ባንኩ ዘንድ ካለው ናሙና ጋር አልገጠመም ይሆናል። ወይም የአገልግሎት ክፍያው ከየትኛው ሂሳብ እንደሚቆረጥ አልተጻፈም። አንዳንዴም ብድሩን የሚያስተዳድረው ሌላ ክፍል ነው፣ ደብዳቤው ቅርንጫፉ ዴስክ ላይ ተኝቷል። ስለዚህ ሁለተኛ ደብዳቤ ከመላክሽ በፊት ቅርንጫፉ ሄደሽ «ምን ጎደለው?» ብለሽ ጠይቂ። ኮፒው ላይ የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም አስመቺ። ይህች ትንሽ ማኅተም በኋላ ብዙ ክርክር ትቆርጣለች።

ጥያቄው ምን ምን እንደያዘም ተመልከቺ። ባንክ የተጠየቀውን ነው የሚመልሰው። «የሂሳብ ቁጥር ይህን ያህል ቀሪ አለው ወይ?» ብለሽ ከጠየቅሽ አዎ ይልሻል፣ ስለሌላው ሂሳብ ዝም ይላል። መጠየቅ ያለብሽ በድርጅቱ ስም ያሉትን ሁሉንም ሂሳቦች ነው፣ ዜሮ የሆኑትንና በዓመቱ ውስጥ የተዘጉትንም ጨምሮ። ብድርና ኦቨርድራፍት፣ የወለዱ መጣኔ፣ የተያዘው ዋስትና፣ ባንኩ ለድርጅቱ የሰጠው የዋስትና ደብዳቤ፣ የታገደ ገንዘብ ካለም ይግባ። ገንዘብ የሌለበትን ባንክ መጠየቅ ሰው ትርፍ ሥራ ይመስለዋል። ዕዳ የሚደበቀው ግን ገንዘብ በሌለበት ባንክ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መልስ ካልመጣ ምን ቀረ? ቅርንጫፉ ድረስ ከፈራሚው ጋር ሄደሽ ስቴትመንቱ ዓይንሽ እያየ ይታተም፣ ከአታሚው በቀጥታ ወደ አንቺ እጅ ይምጣ። የሰኔ 30 ቀሪውን ብቻ ሳይሆን ሐምሌና ነሐሴንም አስወጪ። የብድር ውሉንና የክፍያ ሰሌዳውን አግኚ፣ ወለዱን ራስሽ አስዪው፣ ስቴትመንቱ ላይ ከተቆረጠው ጋር አመሳክሪ።

ይህ ግን የምታውቂውን ሂሳብ ነው የሚያረጋግጥልሽ። የማታውቂውን ለመፈለግ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። የዓመቱን ስቴትመንት ገልብጠሽ ትንንሽ ቅናሾችን ተከታተዪ። የዋስትና ደብዳቤ ኮሚሽን ተቆርጦ ካየሽ አንድ ቦታ ላይ ዋስትና አለ። በመጽሐፉ ላይ ብድር የማይታይበት ባንክ ወለድ ከቆረጠ ብድር አለ። ሌላው እኔ የምወደው ዘዴ ይኸው ነው፦ የሕንፃውን ካርታና የመኪኖቹን ሊብሬ ኦሪጅናሉን አሳዩኝ በያቸው። ኮፒ ብቻ ካወጡልሽ ኦሪጅናሉ የት ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ባንክ ቤት ነው፣ ያም ማለት ተይዟል። የትኛው ባንክ፣ ለምን ብድር የሚለው ጥያቄ ከዚያ ይቀጥላል።

ወደ ባለዕዳዎቹ ልመለስ፣ ሥራው የሚበዛው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ፣ የላክሽው ደብዳቤ «በ15 ቀን ውስጥ ካልመለሱ እንደተስማሙ እንቆጥረዋለን» የሚል ከሆነ ዝምታውን እንደ መልስ አትቁጠሪው። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ብቻውን የሚበቃው ስጋቱ ዝቅተኛ ሲሆን፣ ባለዕዳዎቹ ብዙና ትንንሽ ሲሆኑ፣ ስህተት እምብዛም የማይጠበቅ ሲሆን፣ ሰዎቹም ደብዳቤውን ችላ ይሉታል ተብሎ የማይታሰብ ሲሆን ነው። የአንቺዎቹ 12 ናቸው፣ አብዛኞቹም ኮንትራክተሮች ይመስሉኛል። እነሱ ደብዳቤ አንብበው አይመልሱም፣ ይህን ማንም ያውቀዋል። ዝምታቸው ምንም አይናገርም።

ሁለተኛ፣ ዝም ያሉትን ስምንት ትተሽ በምትካቸው «የሚመልሱ» ባለዕዳዎችን አትምረጪ። ፈታኝ ነው፣ ሥራ አስኪያጁም ሊጠቁምሽ ይችላል። የሌለ ደንበኛ ግን ደብዳቤ አይመልስም። የማይመልሱትን በሚመልሱ ከተካሻቸው ልትይዢው የፈለግሽውን ነገር በገዛ እጅሽ ከናሙናው አወጣሽው ማለት ነው።

ሁለተኛ ደብዳቤ ስትልኪ ጥያቄውን ቀይሪው። አንድ ኮንትራክተር «በሰኔ 30 የነበረብህ ጠቅላላ ዕዳ 690,000 ብር ነው ወይ?» ሲባል ቢፈልግም አያውቀውም። መዝገቡ በዚያ መልክ አልተያዘም። የእያንዳንዱን ደረሰኝ ቁጥር፣ ቀንና መጠን ዘርዝረሽ «እነዚህን ዕቃዎች ወስደዋል ወይ፣ ከእነዚህ የትኛውን ከፍለዋል?» ብትይው ፋይሉን ከፍቶ ያየዋል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው ለኃላፊው ተጽፎ ፋይናንስ ክፍሉ ዘንድ ካልደረሰ መልስ አትጠብቂ። በስልክ የሚሰጥሽ «አዎ አለብኝ» ማስታወሻ ላይ ይጻፍ እንጂ እንደ ማረጋገጫ አይቆጠርም። ማረጋገጫ በጽሑፍ ነው። መተማ ወይም ደባርቅ ያለ ሰው መንገድና ኔትወርክ አስቸግሮት ከሆነ የፈረመበትንና ማኅተም ያደረገበትን ወረቀት ፎቶ በቴሌግራም ሊልክልሽ ይችላል። እሱን ተቀበዪ፣ ስልኩ የእሱ መሆኑን ግን አረጋግጪ፣ ኦሪጅናሉንም በኋላ እንዲልክ ጠይቂው።

አሁንም ዝም ካሉ አማራጭ ምርመራ ይገባል። እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ላሳይሽ። ሰውየውንም ቁጥሩንም እኔ ፈጥሬዋለሁ፣ የአንቺው ፋይል ውስጥ ግን መሰሉን አታጪም።

ደባርቅ የሚሠራ አንድ ኮንትራክተር በሰኔ 30 ሌጀር ላይ 690,000 ብር አለበት። ቫትን ጨምሮ ሦስት የዱቤ ሽያጭ ናቸው፦ የግንቦት 12 የ230,000፣ የሰኔ 9 የ345,000፣ የሰኔ 28 የ115,000። ሁለት ደብዳቤ ተልኮለት መልስ የለም።

መጀመሪያ የሚታየው ከሰኔ 30 በኋላ የገባ ገንዘብ ነው። በሐምሌ ስቴትመንት ላይ 226,000 ብር ገብቷል። ከ230,000ው ጋር አይገጥምም፣ ብዙ ጀማሪም እዚህ ላይ «ልዩነት» ብሎ ይጽፋል። አይደለም። የግንቦቱ ሽያጭ ያለ ቫት 200,000 ነው። ገዢው በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ ማለትም 4,000 ብር ቀንሶ ቀሪውን ከፍሏል። 230,000 ሲቀነስ 4,000፣ 226,000። የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ደንበኛሽ ዘንድ ሊኖር ይገባል። ካለ፣ ይህ ደረሰኝ ተዘጋ። ገንዘቡ ከተወሰነ ደረሰኝ ጋር እስከ ብሩ ስለገጠመ ጥሩ ማስረጃ ነው። እንዲያውም ከደብዳቤ መልስ ይሻላል እላለሁ፣ ሰው በፊርማ ሊዋሽ ይችላል፣ የሌለበትን ዕዳ ግን አይከፍልም።

ግን ገንዘቡን የከፈለው ማን እንደሆነ ካየሽ ብቻ። የሰኔ 9ኙን እንይ። ሌጀሩ በነሐሴ 200,000 ብር ተቀብያለሁ ይላል፣ ስቴትመንቱም ላይ 200,000 ገብቷል። ድፍን ቁጥር ነው፣ ከየትኛውም ደረሰኝ ጋር አይገጥምም። የገቢ ወረቀቱን ስታወጪው አስገቢው የድርጅቱ ባለቤት ራሱ ነው። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ኮንትራክተሩ ጎንደር ሲወርድ ጥሬ ብር ሰጥቶት እሱ ባንክ አስገብቶት ይሆናል፣ ይህ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ወይም ባለቤቱ የራሱን ገንዘብ አስገብቶ ባለዕዳው የከፈለ አስመስሎት ይሆናል። ለኮንትራክተሩ የተቆረጠ የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ አለ ወይ? ቀኑ ባንክ ከገባበት ቀን ጋር ይቀራረባል? ከሌለ ይህን 200,000 የባለዕዳው መኖር ማስረጃ አድርገሽ አትጠቀሚበት።

ያ ማለት የሰኔ 9ኙ ሽያጭ ወደቀ ማለት አይደለም። ሌላ መንገድ አለ፣ ዕቃው ከመጋዘን መውጣቱን መከተል። የኮንትራክተሩ የግዢ ማዘዣ በማኅተሙ አለ። የመጋዘን ወጪ ማዘዣው ሰኔ 9 የተጻፈ ነው፣ አዘዞ ካለው መጋዘን ስሚንቶና ብረት ወጥቷል። የርክክብ ወረቀቱ ላይ የተቀባዩ ስምና ፊርማ፣ የጭነት መኪናው ሰሌዳ ቁጥር አለ። የትራንስፖርት ክፍያው በሌላ ቫውቸር ላይ በዚያው ሰሌዳ ቁጥር ተከፍሏል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም ወረቀቱን ያዘጋጀው ሽያጭ ክፍል አይደለም። እነዚህ ሲገጣጠሙ ዕቃው ሄዷል፣ ዕዳው አለ ማለት ትችያለሽ።

ዕዳው አለ ማለት ግን ይሰበሰባል ማለት አይደለም። የርክክብ ወረቀት ሁለተኛውን ጥያቄ አይመልስም። ለነገሩ የደብዳቤ መልስም አይመልሰውም፣ ሰው «አለብኝ» ብሎ ፈርሞ ሳይከፍል ይኖራል። እስከ ጥቅምት ምንም ያልከፈለ፣ ፕሮጀክቱ የቆመበት ኮንትራክተር ከሆነ የመጠባበቂያው ጉዳይ ከሥራ አስኪያጁ ጋር መነሳት አለበት።

የቀረው የሰኔ 28ቱ ነው። ደረሰኙ ሰኔ 28 ተቆርጧል፣ የመጋዘን ወጪ ማዘዣውና የርክክብ ወረቀቱ ግን ሐምሌ 4 ይላሉ። ዕቃው በሰኔ 30 መጋዘን ውስጥ ነበር። ሽያጩ የሚቀጥለው ዓመት ነው። 100,000 ብር ከ2016 ሽያጭ ይወጣል፣ የዕቃው ወጪም በቆጠራው ካልተያዘ ወደ ክምችት ይመለሳል። ደረሰኙ ስለተቆረጠ የ15,000 ብር ቫቱን ግን ለብቻው ተመልከቺው፣ ከሽያጩ ጋር አብሮ እንዲሁ አይሰረዝም። እዚህ ላይ አንድ ነገር አድርጊ፦ የክምችት ቆጠራውን ዝርዝር አውጪና ዕቃው በሰኔ 30 ተቆጥሮ እንደሆነ እይ። ከተቆጠረ ድርጅቱ አንዱን ዕቃ እንደ ክምችትም እንደ ሽያጭም ይዞታል። እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ በላይ ካገኘሽ ደግሞ የመጨረሻዎቹንና የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሽያጭ በሙሉ ማየት ሊኖርብሽ ነው። ገቢን ማሳበጥ የማጭበርበር ስጋት እንደሆነ ደረጃዎቹ ራሳቸው አስቀድመው እንድታስቢ ያዙሻል።

እንግዲህ ከ690,000ው 230,000ው በተከፈለ ገንዘብ ተደግፏል፣ 345,000ው በርክክብ ማስረጃ፣ 115,000ው ይስተካከላል። ለአንቺ ስምንቱም እንደዚሁ ደረሰኝ በደረሰኝ ትሄጃለሽ። በጠቅላላ ቀሪ መሥራት አያዋጣም። «ከሰኔ በኋላ 400,000 ከፍሏል፣ ስለዚህ ዕዳው ነበር» ማለት ስህተት ነው፣ የከፈለው የሐምሌን ግዢ ሊሆን ይችላል።

ከመለሱት አራት ውስጥ ቁጥሩ ያልገጠመ ካለም አትለፊው። ዊዝሆልዲንግ ወይም መንገድ ላይ ያለ ክፍያ ከሆነ በወረቀት ይታያል። «ዕቃው ተበላሽቶ መልሻለሁ» ካለ የመጋዘን መመለሻ ሰነድ ፈልጊ። ያልተገለጸ ልዩነት ትንሽ ነው ተብሎ አይተውም፣ በ12 ውስጥ አንድ ካለ ባልተላከላቸው ውስጥ ስንት እንዳለ ማሰብ አለብሽ።

ስለ ጥቅምቱ ቀን። ቀነ ገደቡ የግብር ከፋዩ ነው፣ የማስረጃ መስፈርቱን አይቀንስም። ሥራ አስኪያጁ «ለዚህ ደንበኛ ደብዳቤ አትላኩ» ያለው ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ፣ ምክንያቱንም መርምሪ። በክርክር ላይ ነን ካለ የክርክሩ ፋይል ይኖራል። ምክንያት ከሌለው ያ ራሱ ግኝት ነው። አማራጩ ምርመራ ለአንዳንዶቹ አልሠራ ካለ፣ ወይም የባንኩ ብድርና ዋስትና በሌላ መንገድ ሊረጋገጥ ካልቻለ፣ ጉዳዩን ለአለቃሽ አቅርቢ። መጠኑ ጎላ ያለ ግን በአንድ ሂሳብ ላይ የተወሰነ ከሆነ አስተያየቱ በዚያ ጉዳይ ላይ ነቀፌታ ይኖረዋል። ተጽዕኖው መላውን ሂሳብ የሚነካ ከሆነ አስተያየት ለመስጠት አልቻልንም ወደሚለው ይሄዳል። ያን የምትወስኚው አንቺ አይደለሽም፣ ግን የሥራ ወረቀቱን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዝም ላለ ባለዕዳ መጀመሪያ የተላከበትን ቀን፣ የተከታተልሽበትን ቀን፣ ማን እንዳነጋገረሽ፣ የትኛውን ደረሰኝ በምን ሰነድ እንዳረጋገጥሽ በየረድፉ ጻፊ። የባንኩ መልስ ሪፖርቱ ከመፈረሙ በፊት ከመጣ ደግሞ ከሌጀሩ ጋር በቀጥታ አታነጻጽሪው። ከባንክ ማስታረቂያው ጋር አነጻጽሪው፣ ያልተመነዘሩ ቼኮችም በሐምሌ ስቴትመንት ላይ መመንዘራቸውን አንድ በአንድ ተከታተዪ።